ከ47 ገጽ የጨረታ ግምገማ አንድ ገጽ እንዴት ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ተቋም የግዥ ባለሙያ ነኝ፤ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴው ጸሐፊም እኔው ነኝ። የጀነሬተር ጨረታ ግምገማ ሪፖርት 47 ገጽ ሆኖ መጣልኝ። ሰብሳቢው «አንድ ገጽ አድርጊልን፣ ሐሙስ እንወስናለን» አሉኝ። አሳጥሬ ሦስት ገጽ አደረስኩት፤ ተመለሰብኝ። አሸናፊ የተባለው ድርጅት ደግሞ ፖስታው ሲከፈት በተነበበው ዋጋ አራተኛ ነበር። ምኑን ልተው? ምኑን ልያዝ?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሪፖርቱን ከገጽ 1 ጀምረሽ እያሳጠርሽ የወረድሽ ይመስለኛል። በዚህ መንገድ ሦስት ገጽም ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በታች አይወርድም። የግምገማ ሪፖርት የሚጻፈው ገምጋሚዎቹ ሥራውን በሠሩበት ቅደም ተከተል ነው። ማስታወቂያ ወጣ፣ ሰነድ ተሸጠ፣ ፖስታ ተከፈተ፣ ሰነድ ተጣራ፣ ቴክኒክ ታየ፣ ዋጋ ተነጻጸረ። አሸናፊው ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። አጽዳቂ ኮሚቴው ግን የሚነሳው ከመጨረሻው ነው፤ ማን፣ በስንት፣ ለምን እሱ? ስለዚህ ሪፖርቱን ዝጊውና ሐሙስ ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚነሳውን ጥያቄ ጻፊ።

ያንን ጥያቄ አንቺው ነግረሽኛል። «አራተኛ የነበረው እንዴት አንደኛ ሆነ?» ዋጋ የሚነበበው በተጫራቾች ፊት ጮክ ተብሎ ነው። አባላቱ ራሳቸው ባይሰሙም የሰማ ሰው ነግሯቸዋል። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ቁጥር የመክፈቻው ዕለት ቁጥር ነው። ገጽሽ የሚሠራው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ለዚህ የማይጠቅም ነገር ሁሉ፣ ቢያምርም ቢደከምበትም፣ 47ቱ ገጽ ውስጥ ይቀመጥ።

የአንቺን ቁጥሮች ስላላየሁ የራሴን እፈጥራለሁ። ጨረታው ዋጋና ቴክኒክ በአንድ ፖስታ የገባበት ነው ብዬ ልያዝ። በሁለት ፖስታ ቢሆን ኖሮ በቴክኒክ የወደቁት ዋጋ አይነበብም ነበር፤ ከጥያቄሽም ግማሹ አይነሳም ነበር። መስፈርቱም ነጥብ የሚሰጥበት ሳይሆን አሟላ ወይም አላሟላ የሚባልበት ነው። ካሟሉት ውስጥ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል።

የሚገዛው 200 ኬቪኤ ጀነሬተር ከነተከላው ነው። የተያዘው በጀት 7,200,000 ብር። አምስት ተጫራቾች ገብተዋል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እና ሠ እንበላቸው። በመክፈቻው የተነበበው እንዲህ ነው፦ ሀ 5,980,000፣ ለ 6,325,000፣ ሠ 6,750,000፣ ሐ 6,900,000፣ መ 7,410,000። ገምጋሚዎቹ ሐን አሸናፊ ብለው አቀረቡ። ከሐ በታች ሦስት ሰው አለ። ሦስቱም የወረዱበት ምክንያት የተለያየ ነው፤ ክብደቱም የተለያየ ነው። ገጹ ላይ ሰፊ ቦታ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ሠ የወደቀው በጨረታ ማስከበሪያ ነው። ፖስታው የተከፈተው የካቲት 5 ቀን 2017 ነው። የጨረታ ሰነዱ ዋጋው ለ90 ቀን ጸንቶ እንዲቆይ፣ ማስከበሪያው ደግሞ ከዚያ በኋላ 28 ቀን እንዲጨምር ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋው እስከ ግንቦት 5፣ ማስከበሪያው እስከ ሰኔ 3 መድረስ አለበት። ሠ ያመጣው የባንክ ዋስትና ግን የሚያበቃው ግንቦት 5 ነው። 28 ቀን ጎደለው። አንድ አባል «ምናለ ባንክ ሄዶ ያስረዝመው ብንለው» ማለቱ አይቀርም። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን ፖስታ ከተከፈተ በኋላ ማስከበሪያ እንዲያስተካክል ለአንዱ ከተፈቀደ ሌሎቹ አቤት ይላሉ። ሰነዱም ይህ ጉድለት ከውድድር እንደሚያስወጣ ተናግሯል። ገጹ ላይ ሁለት ቀን እና አንድ የገጽ ቁጥር ይበቃል። የተጠየቀው ሰኔ 3፣ የቀረበው ግንቦት 5፣ አለቀ።

ለ አልወደቀም። ይህን ብዙ ጸሐፊ ይስተዋል። ለ ሁሉንም አሟልቷል፤ ዋጋው ግን ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም። የዋጋ ማቅረቢያ ቅጹ ታክስ ተጨምሮ እንዲሞላ ያዛል። ለ ከግርጌ በትንሹ «ተ.እ.ታን አያካትትም» ብሎ ጽፏል፤ በመክፈቻው ቃለ ጉባኤ ላይ ይህ አልሰፈረም። 15 በመቶ ሲጨመርበት 7,273,750 ብር ይሆናል። ያኔ ከሐ በላይ ነው፤ ከበጀቱም በላይ ነው። ገጹ ላይ ለን «ውድቅ የተደረገ» ብለሽ ከጻፍሽ ሐሰት ጻፍሽ። የጨረታው ውጤት ለሁሉም ሲነገር እሱም ያንኑ ቃል ይሰማና በማግስቱ አቤቱታ ይዞ ይመጣል፤ እውነቱም ከእሱ ጋር ይሆናል። ለ ያሟላ፣ ግን በዋጋ ሁለተኛ የሆነ ተጫራች ነው። ከሐ ጋር ውል ሳይፈረም ቢቀር የሚታየው ቀጣይ ሰው እሱ ስለሆነ፣ ቃሉ ለነገም ይፈለጋል።

ዋናው ሀ ነው። ከሐ ጋር ያለው ልዩነት 983,000 ብር ነው። ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ብር በአንድ ዓረፍተ ነገር አይታለፍም። ሪፖርቱ ገጽ 23 ላይ ስለ ሀ የሚለው «ስፔስፊኬሽኑን አያሟላም፣ ጥራቱም ዝቅተኛ ነው» ብቻ ነው እንበል። ይህን ገልብጠሽ ገጽሽ ላይ ብትለጥፊው ጥያቄው ይብሳል። የትኛውን ስፔስፊኬሽን? ጥራቱ በምን ተለካ? መልሱ ያለው እዚያ ገጽ ላይ አይደለም። ኢንጂነሩ በጻፈው አባሪ ውስጥ፣ ገጽ 41 ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጠንካራው ምክንያት ሁልጊዜ አባሪ ውስጥ ይደበቃል።

አባሪው ይህን ይላል። የጨረታ ሰነዱ የጠየቀው በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ 200 ኬቪኤ የሚሰጥ ጀነሬተር ነው፤ ደሴ ከፍታዋ እዚያ ገደማ ስለሆነ። ሀ ያቀረበው 200 ኬቪኤ የተጻፈበት ማሽን ነው። ራሱ ያያያዘው ካታሎግ ግን እስከ 1,000 ሜትር ሙሉ ኃይል፣ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ከ1,000 እስከ 2,500 ያለው 1,500 ሜትር ነው፤ 15 በመቶ ማለት ነው። ከ200 ላይ 15 በመቶ ሲወርድ 170 ኬቪኤ ይቀራል። ሐ ያቀረበው ማሽን ተለቅ ያለ ነው። በራሱ ካታሎግ ስሌት ደሴ ላይ 204 ኬቪኤ ይሰጣል።

የቅነሳው መጠን ከሞተር ሞተር ይለያያል። ቱርቦ ያለው ሞተር ብዙ አይጎዳም፤ የሌለው ይጎዳል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያነበብሽውን ቁጥር አታምጪ፤ ተጫራቹ ያቀረበው ካታሎግ የሚለውን ብቻ ያዢ። አባላቱ ውስጥ የቴክኒክ ሰው ከሌለና በቃል ማስረዳት ካስፈለገሽ፣ የተጫነ መኪና ይዞ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሽቅብ የወጣ ሹፌር ሞተሩ እንዴት ትንፋሽ እንደሚያጥረው ያውቃል በያቸው። እዚያ ቤት ውስጥ ያልገባው አይኖርም። ገጹ ላይ ግን ይህን አትጻፊ። ገጹ ላይ የተጠየቀው 200፣ የቀረበው 170፣ ማስረጃው የራሱ ካታሎግ።

አሁን «ጥራቱም ዝቅተኛ ነው» የምትለዋን ሐረግ ምን እናድርጋት? የጨረታ ሰነዱ ውስጥ «ጥራት» የሚባል መስፈርት ከሌለ ይህ የገምጋሚው አስተያየት ነው። ሀ የወደቀው በኃይል መጠኑ ነው፤ ለመውደቅ ያ ይበቃዋል። ሐረጓን ወደ ገጹ ከወሰድሽ ለሀ የአቤቱታ በር ከፈትሽለት። «ጥራቴን በምን ለካችሁ?» ይላል፤ መልስ የለሽም። ግን ደግሞ ዝም ብለሽ አትዝለያት። ለገምጋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደውለሽ «ይህች ነገር ከመስፈርት ጋር ትገናኛለች ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። አትገናኝም ካሉ እነሱ ራሳቸው ያውጧት፤ የታረመውን ገጽ ይፈርሙበት። አንቺ የሰው ሪፖርት አታርሚም።

እዚህ ላይ ቃል መጠንቀቅ አለብሽ። በግምገማ ሪፖርት ውስጥ «አላቀረበም»፣ «አላሟላም» እና «ግልጽ አይደለም» ሦስት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። አላቀረበም ማለት ወረቀቱ ፖስታው ውስጥ የለም። አላሟላም ማለት ወረቀቱ አለ፣ ታይቷል፣ ከተጠየቀው አንሷል። ግልጽ አይደለም ማለት ማብራሪያ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ተጠይቋል ወይ? የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ስናሳጥር ሦስቱንም «አላሟላም» ብለን መጠቅለል ይቀናናል፤ አጭር ነዋ። ገምጋሚው «ግልጽ አይደለም» ያለውን አንቺ «አላሟላም» ብለሽ ከጻፍሽ ግን ፍርዱን ያጠነከርሽው አንቺ ነሽ። ይህችን አንዲት ቃል ልክ እንደተጻፈች ውሰጃት፤ የቀረውን በራስሽ አነጋገር አሳጥሪ።

ወደ አሸናፊው እንሂድ። ሐ ሲነበብ 6,900,000 ነበር፤ ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ 6,963,000 ይላል። አባላቱ ይህን ሲያዩ ወዲያው ነው ጆሯቸው የሚቆመው። ከመክፈቻ በኋላ የአሸናፊ ዋጋ ከፍ አለ የሚል ወሬ ለማንም ጥሩ አይደለም። መንስኤው የማባዛት ስህተት ነው። 60 ሜትር ኬብል በሜትር 4,500 ብር፣ ጠቅላላ 207,000 ብሎ ጽፏል። 60 በ4,500 ሲባዛ 270,000 ነው፤ ሁለቱ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። የጨረታ ሰነዱ የነጠላ ዋጋና የጠቅላላ ዋጋ ካልተስማሙ ነጠላው ይጸናል ይላል። ስለዚህ 63,000 ተጨመረ። ከተጨመረም በኋላ ካሟሉት ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ነው።

ይህ በገጹ ላይ መግባት አለበት፤ አንድ ነገርም ይጎድለዋል። ሐ እርማቱን በጽሑፍ ተቀብሏል ወይ? ደብዳቤው ሪፖርቱ ውስጥ ካለ የገጹን ቁጥር ጥቀሺ። ከሌለ ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ገምጋሚዎቹ እንዲያመጡት ንገሪያቸው። ተጫራቹ ሳይቀበለው ኮሚቴው በ6,963,000 ቢያጸድቅ፣ ውል ሲባል «የእኔ ዋጋ ይህ አይደለም» የሚል ሰው ሊገጥማችሁ ነው።

ሪፖርቱ ራሱ ከራሱ ጋር የማይስማማበት ቦታም ይኖራል። ለምሳሌ የንጽጽር ሰንጠረዡ ገጽ 27 ላይ አሁንም 6,900,000 ይዞ፣ ገጽ 31 ላይ 6,963,000 ሊሆን ይችላል። እርማቱ ከመሠራቱ በፊት የተዘጋጀው ሰንጠረዥ ሳይቀየር ቀርቶ ነው። አንቺ ትክክለኛውን ስለምታውቂ ያንን ብቻ ጽፈሽ ልታልፊ ትችያለሽ። አታድርጊው። አንድ አባል ሪፖርቱን ገለጥ አድርጎ ሌላ ቁጥር ካየ የቀረውም ገጽ ይጠረጠራል። ገጽ 27 ተስተካክሎ ይፈረምና ይግባ።

ከገምጋሚዎቹ አንዱ የተለየ አስተያየት ጽፎ ከሆነ ይህም አይቀርም። በምሳሌያችን ገጽ 44 ላይ አንድ አባል «ሀ ስለ ከፍታው ማብራሪያ ሊጠየቅ ይገባ ነበር» ብሎ ፈርሟል። የቀሩት ሁለቱ መልሰዋል፤ ካታሎጉ ግልጽ ነው፣ ማብራሪያ የቀረበውን ማሽን አይቀይረውም ብለዋል። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን «ጉዳዩን ያወሳስባል» ብሎ ይተወዋል። እኔ በተቃራኒው ነኝ። የተለየው አስተያየት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ መልሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። መልሱ ግን የእነሱ እንጂ የአንቺ አይሁን። ሪፖርቱ ውስጥ መልስ ካልተጻፈ አንቺ አትመልሺ፤ «መልስ አልተሰጠበትም» ብለሽ ጻፊ። ኮሚቴው ራሱ ይጠይቃቸው።

የሚቀረው ምንድን ነው? ማስታወቂያው በየትኛው ጋዜጣ እንደወጣ፣ ስንት ሰው ሰነድ እንደገዛ፣ ገምጋሚዎቹ ስንት ቀን እንደተሰበሰቡ፣ የሁሉም ተጫራች የንግድ ፈቃድና የቲን ቁጥር፣ ሙሉ ስፔስፊኬሽኑ፣ የአዋጅና የመመሪያ አንቀጾች ሰልፍ። ይህ ሁሉ ይቅር። ክርክር ያስነሳ ከሆነ ብቻ ይመለስ። አንቀጽ መደርደር ገጹን የጠነከረ ያስመስለዋል፤ ሰው ግን ዘሎት ነው የሚያነበው። ከአንቀጽ ይልቅ የጨረታ ሰነዱን ተራ ቁጥር መጥቀስ ይሻላል፤ ተጫራቹ የተወዳደረው በእሱ ነውና።

እንግዲህ ገጹ ራሱ ይህን ይመስላል። የገጽ ቁጥሮቹ የምሳሌው ናቸው፤ አንቺ በራስሽ ቀይሪያቸው። ተጫራቾችን በፊደል የጠራሁት ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ነው፤ በአንቺ ገጽ ሙሉ ስማቸው ይገባል።

ለግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ የ200 ኬቪኤ ጀነሬተር ግዥ የግምገማ ውጤት

የሚጠየቀው ውሳኔ፦ ተጫራች ሐ ተ.እ.ታን ጨምሮ በብር 6,963,000 አሸናፊ እንዲሆን ገምጋሚ ኮሚቴው ያቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ማጽደቅ፣ ወይም ምክንያት ጠቅሶ መመለስ (ገጽ 33)። የተያዘው በጀት ብር 7,200,000 ነው።

ምክንያቱ፦ ከአምስቱ ተጫራቾች መስፈርቱን ያሟሉት ሦስት ናቸው። የተገመገመ ዋጋቸው ሐ 6,963,000፣ ለ 7,273,750፣ መ 7,410,000 ነው (ገጽ 31)። ዝቅተኛው ሐ ነው።

በመክፈቻው ከሐ ያነሰ ዋጋ የተነበበላቸው፦
ሀ (5,980,000)፦ አላሟላም። የተጠየቀው በ2,500 ሜትር ከፍታ 200 ኬቪኤ ነው። ያቀረበው ማሽን በራሱ ካታሎግ ስሌት በዚህ ከፍታ 170 ኬቪኤ ይሰጣል (ገጽ 23 እና 41)።
ለ (6,325,000)፦ አሟልቷል። የተነበበው ዋጋ ተ.እ.ታን አይጨምርም፤ ሲጨመር 7,273,750 ይሆናል (ገጽ 29)።
ሠ (6,750,000)፦ አላሟላም። የጨረታ ማስከበሪያው እስከ ሰኔ 3 መቆየት ሲገባው ግንቦት 5 ያበቃል (ገጽ 14)።

የዋጋ እርማት፦ ሐ የተነበበለት ብር 6,900,000 ነው። በኬብሉ ላይ የማባዛት ስህተት ስለተገኘ በነጠላ ዋጋው መሠረት ብር 63,000 ተጨምሯል። ሐ በጽሑፍ ተቀብሏል (ገጽ 30 እና 38)።

የተለየ አስተያየት፦ አንድ ገምጋሚ ሀ ማብራሪያ ሊጠየቅ ይገባ ነበር ብለዋል። ሁለቱ ማብራሪያ የቀረበውን ማሽን እንደማይቀይር ገልጸዋል (ገጽ 44)።

ጊዜ፦ የተጫራቾች ዋጋ ጸንቶ የሚቆየው እስከ ግንቦት 5 ቀን 2017 ነው።

ከዚህ በታች ስምሽ፣ ቀኑና ፊርማሽ። በ12 ነጥብ ፊደል አንድ ገጽ ላይ ይበቃል። ፊደሉን ወደ 9 አውርደሽ አንድ ገጽ አታድርጊው። ያ ሦስት ገጽ ነው፤ በአንድ ወረቀት ላይ የታጨቀ።

«ማጽደቅ፣ ወይም ምክንያት ጠቅሶ መመለስ» የሚለውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ገጹ የጸሐፊዋ ቅስቀሳ እንዳይመስል ነው። «ኮሚቴው እንዲያጸድቅ እናሳስባለን» ካልሽ አንቺም ገምጋሚ ሆንሽ። የውሳኔ ሐሳቡ የገምጋሚዎቹ ነው፤ አንቺ ተሸካሚ ነሽ። በዚያው ልክ ደግሞ «በአጠቃላይ ሲታይ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አትደበቂ። በምን ተሻለ? የሚለውን የማይመልስ ዓረፍተ ነገር አውጪው።

ጽፈሽ ስትጨርሺ ሁለት ማጣሪያ አድርጊ። መጀመሪያ ሪፖርቱን ከጎንሽ አስቀምጪና በገጹ ላይ ያለ እያንዳንዱን ቁጥርና ቀን በእስክሪብቶ እየጠቆምሽ ከምንጩ ጋር አመሳክሪ። ከኋላ ወደፊት ሂጂ። ከላይ ወደታች ካነበብሽ ዓይንሽ የሚያውቀውን እያየ ያልፋል። ሪፖርቱ ውስጥ ምንጭ ያላገኘሽለት ዓረፍተ ነገር ካለ፣ እውነት ቢሆንም እንኳን፣ ይውጣ። የምትጽፊው ሌሎች የፈረሙበትን ነው።

ሁለተኛው፣ ገጹን ጨረታውን ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ስጪው፤ ግን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው የሆነ ሰው ይሁን። ሁለት ደቂቃ ያንብብና «ሀ ለምን ወደቀ?» ብለሽ ጠይቂው። «ጥራቱ ዝቅ ስላለ» ወይም «ሰነድ ስላላሟላ» ካለ ገጹ አልሠራም። «እዚህ ከፍታ ላይ ኃይሉ 170 ስለሚሆን» ካለ ሠርቷል። ቀጥለሽ «ለስ?» በይው። «ወደቀ» ካለሽ የለን መስመር ደግመሽ ጻፊው።

ምስጢር ካልኩ አይቀር፣ 47 ገጽ ማንም ፎቶ አያነሳም። አንድ ገጽ ግን በአንድ ጠቅታ ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ውጤቱ ለተጫራቾች በይፋ ከመነገሩ በፊት ከወጣ ጨረታው ራሱ አደጋ ላይ ነው። ቅጂዎቹን ቁጥር ስጫቸው፣ ስብሰባው ላይ አድዪ፣ ሲያልቅ ሰብስቢ። በኢሜይል ቀድሞ መላክ ልማድ ከሆነ ከሰብሳቢው ጋር ተነጋገሪበት።

ስብሰባው ላይ ሙሉው ሪፖርት ከነአባሪው ጠረጴዛው ላይ ይኑር። ገጽ 23፣ 41፣ 30፣ 38 እና 44 ላይ ምልክት አድርጊ፤ የጠየቀ ሰው ወዲያው ይየው። ገጹ የጨረታውን ፋይል አይተካም። ቃለ ጉባኤው ላይም ኮሚቴው የወሰነው ሪፖርቱን መርምሮ እንደሆነ ይጻፍ፤ «በአንድ ገጽ ማጠቃለያ መሠረት» ተብሎ እንዳይጻፍ ተጠንቀቂ። ኦዲተር ሲመጣ የሚያየው ይህን ነው።

ሐሙስ ሚያዝያ 16 ቢሆን እስከ ግንቦት 5 የሚቀረው 19 ቀን ነው። በዚህ ውስጥ ውጤቱ ለሁሉም በጽሑፍ መነገር፣ በሰነዳችሁ የተቀመጠው የአቤቱታ ጊዜ ማለፍ፣ ለሐም የአሸናፊነት ደብዳቤ መድረስ አለበት። ይበቃል፤ ግን አይተርፍም። ኮሚቴው «ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር» ካለ፣ እዚያው ስብሰባው ላይ ዋጋቸውን እንዲያራዝሙ ለለ፣ ለሐ እና ለመ ደብዳቤ እንዲጻፍ አስወስኚ። ደብዳቤው ዋጋ ሳይቀየር፣ ማስከበሪያውም አብሮ እንዲራዘም ይጠይቅ፤ መልሱም ከግንቦት 5 በፊት በእጅሽ ይግባ። ረቂቁን ከገጹ ጋር ረቡዕ አዘጋጅተሽ ያዢው።